አንድ ቲኬት ለአውቶቡስ፣ ለትራምና ለባቡር፦ 90 ደቂቃው ከየት ይጀምራል፣ የትስ ላይ ያበቃል?

ቲኬቱ ላይ «90 ደቂቃ» የሚል ያየ ተሳፋሪ ለአንድ ሰዓት ተኩል እንደልቡ መንቀሳቀስ የሚችል ይመስለዋል። ብዙ ቅጣት የሚመጣው ከዚሁ ነው። ቲኬቱ ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ደቂቃው መቼ መቁጠር እንደሚጀምርና ሲያልቅ ከመጨረሻው ተሽከርካሪ ወርዶ መገኘት ያስፈልግ እንደሆነ፣ ወይስ ተሳፍሮ መገኘት ብቻ እንደሚበቃ መታወቅ አለበት። መልሱ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ሁለት ከተሞች ላይ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ሆኖ በአንዱ ሕጋዊ የሆነው ጉዞ በሌላው የሚያስቀጣበት ጊዜ አለ።

እዚህ የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ ነው። ሰዓቱን የማስቀምጠው ቲኬት ላይ እንደሚታተመው ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ፣ 7:40 ስል በእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ማለቴ ነው። ማሽኑ 14:20 ብሎ ሲያትምላችሁም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነው። አዲስ አገር የገባ ሰው እዚህ ላይ ቢሳሳት አይገርምም።

መጀመሪያ የጋራ ቲኬት ምን እንደሆነ ባጭሩ። አውቶቡሱ፣ ትራሙና ባቡሩ የተለያዩ ድርጅቶች ቢሆኑም ተሳፋሪው አንድ ዋጋ ይከፍላል፣ ገቢውን እነሱ ከጀርባ ይከፋፈሉታል። በዚህ መልክ የተደራጀው የመጀመሪያው ማኅበር በ1965 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሃምቡርግ ውስጥ የተቋቋመው ነው። እንዲህ ያለ ቲኬት ብዙውን ጊዜ ሁለት ድንበር አለው። አንዱ የቦታ ነው፤ ዞን ይባላል። ሌላው የጊዜ ነው። ሁለቱም በአንድ ላይ መከበር አለባቸው። አርባ ደቂቃ ቢቀራችሁም ከከፈላችሁበት ዞን ከወጣችሁ ቲኬቱ ዋጋ የለውም፣ ዞኑ ውስጥ ሆናችሁ ጊዜው ካለፈም እንደዚያው ነው። የጊዜ ገደቡ የተቀመጠው አንድ ጉዞ የሚባለው የት ላይ እንደሚያበቃ ወረቀቱ ራሱ ስለማያውቅ ነው። ገደብ ባይኖር ጠዋት የተገዛ ቲኬት ማታ ለመመለሻ ይውል ነበር።

አሁን አንድ ጉዞ እንውሰድና በየደንቡ እንለካው። ተሳፋሪው 7:40 ላይ አውቶቡስ ይገባና ቲኬቱን ያስመታል፤ ማለትም ማሽኑ ቀንና ሰዓት ያትምበታል። 8:05 ባቡር ጣቢያ ይደርሳል። ባቡሩ የሚነሳው 8:18 ነው፤ 8:52 ላይ ይወርዳል። ከጣቢያው ወጥቶ ትራም ፌርማታ ይቆማል፣ 9:04 ይሳፈራል፣ 9:17 ይወርዳል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 97 ደቂቃ ነው። ቲኬቱ ደግሞ የ90 ደቂቃ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ደንብ ቲኬቱ እስከ መውረጃ ድረስ የሚሠራ መሆን አለበት ይላል። ፕራግ እንዲህ ነው። እዚያ የ30 እና የ90 ደቂቃ ቲኬት አለ፤ በሁለቱም ከተማው ውስጥ ከሜትሮ ወደ ትራም፣ ወደ አውቶቡስ፣ ወደ ከተማ ባቡርም መቀየር ይቻላል። ነገር ግን ደቂቃው ሲያልቅ ተሽከርካሪው ውስጥ መገኘት አይቻልም። ሜትሮ ከሆነ ደግሞ ከባቡሩ መውረድ ብቻ ሳይሆን ቲኬት ከሚጠየቅበት የጣቢያው ክልል መውጣት ያስፈልጋል። በረጅሙ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ የሚጠፋው ጊዜም ከቲኬቱ ላይ የሚቀነስ ነው። በዚህ ደንብ የኛ ተሳፋሪ ቲኬት 9:10 ላይ ያልቃል። ትራሙ ላይ የወጣው በሚሠራ ቲኬት ነው፣ የመጨረሻዎቹን ሰባት ደቂቃዎች የሚጓዘው ግን ያለ ቲኬት ነው። ተቆጣጣሪ 9:12 ላይ ቢገባ «ስሳፈር ይሠራ ነበር» ማለት አያድነውም።

ይህ ሰው ምን ማድረግ ይችላል? አንድ የ90 እና አንድ የ30 ደቂቃ ቲኬት ቢይዝ ይበቃዋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ቅደም ተከተሉን ነው። አጭሩን ቲኬት አውቶቡሱ ላይ ቢያስመታ እስከ 8:10 ይሠራል። አውቶቡሱ 8:05 ስለሚደርስ የሚተርፈው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ጠዋት በትራፊክ መጨናነቅ አምስት ደቂቃ ምንም አይደለም። ረጅሙን በመጀመሪያ፣ አጭሩን ትራሙ ላይ ቢያስመታ ግን ሌላ ነው። ከባቡሩ የሚወርደው 8:52 ስለሆነና ቲኬቱ እስከ 9:10 ስለሚሠራ 18 ደቂቃ ይተርፈዋል። ትራሙ ላይ 9:04 ያስመታው የ30 ደቂቃ ቲኬት እስከ 9:34 ይቆያል፤ ጉዞው 13 ደቂቃ ስለሆነ እዚያም 17 ደቂቃ ይተርፋል። የሚከፍለው ገንዘብ በሁለቱም መንገድ ያው ነው፣ ለመዘግየት የሚኖረው ቦታ ግን በጣም ይለያያል። ስለዚህ ሁለት ቲኬት የምታያይዙ ከሆነ አጭሩን የምታስመቱት ከመንገዱ ሁሉ የመዘግየት ዕድሉ ዝቅተኛ በሆነው ቁራጭ ላይ ይሁን።

ሁለተኛው ዓይነት ደንብ የሚያየው የመጨረሻውን መሳፈሪያ ነው። ጊዜው ከማለቁ በፊት የመጨረሻው ተሽከርካሪ ላይ ቲኬታችሁን አስመታችሁ ወይም ካርዳችሁን አስነካችሁ ከተሳፈራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ጊዜው ቢያልፍም እስክትወርዱ ትቀጥላላችሁ። የፓሪስ የአውቶቡስና የትራም ቲኬት በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው፦ 90 ደቂቃው የሚለካው በመጀመሪያውና በመጨረሻው ማስመታት መካከል ነው። የለንደን አውቶቡስና ትራም ላይ ያለው የአንድ ሰዓት ደንብም የሚቆጥረው ከመጀመሪያው ማስነካት እስከ ቀጣዮቹ ማስነካቶች ነው። የኛን ጉዞ በዚህ መለኪያ ብናየው ትራሙ ላይ የተሳፈረው በ84ኛው ደቂቃ ስለሆነ ምንም ችግር የለበትም፤ 9:17 መውረዱ አይቆጠርበትም።

ይሁን እንጂ የተረፈው ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው። ትራሙ በየ12 ደቂቃው የሚመጣ ቢሆን የ9:04ቱ ሲያመልጠው የሚቀጥለው 9:16 ነው፤ ይህም 96ኛው ደቂቃ ነው፤ ማሽኑ አዲስ ዋጋ ይቆርጥበታል። ለዚህ ነው «አሥር ደቂቃ ትርፍ ያዙ» የሚለውን የተለመደ ምክር የማልቀበለው። መያዝ ያለበት ትርፍ የሚለካው በመጨረሻው ተሽከርካሪ የመመላለሻ ልዩነት ነው። በየአምስት ደቂቃው የሚመጣ ትራም ከሆነ ስድስት ደቂቃ ትርፍ ይበቃል። በየግማሽ ሰዓቱ የሚመጣ አውቶቡስ ከሆነ ሃያ ደቂቃም አይበቃም። ጉዞው ከዚህ ትርፍ ጋር ገደቡ ውስጥ ካልገባ ከመጀመሪያው ረዘም ያለውን ወይም የቀኑን ቲኬት መግዛት ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ጠቅላላውን ጉዞ አይለካም፤ የሚለካው ከአንዱ ወርዳችሁ ሌላው ላይ እስክትወጡ ያለውን ክፍተት ነው። ስትሳፈሩም ስትወርዱም ካርድ በሚነካባቸው ከተሞች የሚታየው ይህ ነው። ሲድኒ ውስጥ ከወረዳችሁ በ60 ደቂቃ ውስጥ ቀጣዩ ላይ ካስነካችሁ ሥርዓቱ የዚያው ጉዞ ተቀጥላ አድርጎ ይወስደዋል። ኔዘርላንድ ውስጥ በአውቶቡስ፣ በትራምና በሜትሮ መካከል ይህ ክፍተት 35 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የመነሻው ሒሳብ እንደገና ይቆረጣል። በኛ ጉዞ ክፍተቶቹ 13 እና 12 ደቂቃ ስለሆኑ በ60ውም በ35ቱም ይገባሉ። ባቡሩ ላይ ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ እንኳ ጊዜው አይቃጠልበትም፣ ምክንያቱም ሰዓቱ የሚሮጠው ፌርማታ ላይ ሳለ ነው።

የዚህኛው ደካማ ጎን መውረጃው ነው። ስትወርዱ ካርዱን ማስነካት ከረሳችሁ ክፍተቱን የሚቆጥርበት መነሻ የለውም። ያን ጊዜ ሁለት ነገር በአንዴ ይደርሳል፤ ያልተዘጋው ጉዞ ከመደበኛው ከፍ ባለ ሒሳብ ይዘጋል፣ ቀጣዩ መሳፈሪያም እንደ አዲስ ጉዞ ይቆጠራል። ከባቡር ወደ ትራም በምትሮጡበት ጣቢያ መዝጊያ በር ከሌለ፣ ማንበቢያው መድረኩ ላይ በቆመ ዘንግ ላይ ብቻ ሊሆን ስለሚችል በቀላሉ ይታለፋል። አስነክታችሁ ስታልፉ ድምፁን ብቻ አትመኑ፤ ስክሪኑ «መውጫ» ወይም «የጉዞው ዋጋ» የሚል ነገር ማሳየቱን እዩ። ስትወርዱ ያስነካችሁት እንደ አዲስ መግቢያ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ስትገቡ ያስነካችሁት አልተመዘገበም ማለት ነው።

አራተኛው ለተሳፋሪው በጣም የሚመቸው ቢሆንም ብዙ ነዋሪ የማያውቀው ነው። ሜልበርን ውስጥ የሁለት ሰዓቱ ዋጋ መቁጠር የሚጀምረው ካርዱን ካስነካችሁበት ደቂቃ ሳይሆን ከሚቀጥለው ሙሉ ሰዓት ነው። የኛ ተሳፋሪ 7:40 ስላስነካ ሁለቱ ሰዓት ከ8:00 ተነስቶ እስከ 10:00 ይሄዳል። 7:59 ላይ ያስነካም እስከ 10:00 ነው ያለው። 8:01 ያስነካ ግን እስከ 11:00 ይሄዳል። ሁለት ደቂቃ መቆየቱ አንድ ሙሉ ሰዓት አስጨመረለት ማለት ነው። ከምሽቱ 18:00 በኋላ የተነካ ደግሞ እስከ ሌሊቱ 3:00 ይሠራል። እንዲህ ባለ ከተማ ፌርማታው ላይ ሰዓቱ ሊሞላ ደቂቃ ሲቀረው የሚደርስ ሰው፣ ተከታዩ ተሽከርካሪ ቶሎ የሚመጣ ከሆነ ቆም ብሎ መሳፈር ያዋጣዋል።

መነሻው ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ለብቻው መነገር አለበት። ብዙውን ጊዜ የወረቀት ቲኬት ስለገዛችሁት ብቻ ሰዓቱ አይጀምርም፤ ማሽኑ ቀንና ሰዓት ካተመበት ደቂቃ ነው የሚጀምረው። እንዲህ ከሆነ ያልተመታ ቲኬት በኪስ ይዞ መጓዝ ያለ ቲኬት መጓዝ ነው። ካስመታችሁ በኋላ ኅትመቱን አንብቡ። ቀለሙ ደብዝዞ ሰዓቱ የማይነበብ ከሆነ ሌላ ማሽን ከመፈለጋችሁ በፊት ለሹፌሩ ወይም ለሠራተኛ አሳዩት።

ደግሞ ማስመታት በየከተማው ሌላ ሕግ አለው። ፕራግ ውስጥ ወረቀቱ የሚመታው አንድ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ተሽከርካሪ ላይ ብቻ ነው፤ ስትቀይሩ ደግማችሁ ብትመቱት ቲኬቱ ይበላሻል። ሚላኖ ውስጥ ግን በየለወጣችሁት ተሽከርካሪ ማስመታት ግዴታ ነው፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ቢሆንም። አንዱን ከተማ የለመደ ሰው ሌላው ላይ ሲሄድ የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ሲያዩት ደግሞ ቅንነቱ ያሳዝናል፤ ሕግ አከብራለሁ ብሎ ያደረገው ነገር ነው የሚያስቀጣው።

በስልክ መተግበሪያ የሚገዛ ቲኬት ደግሞ ሁለት ሰዓት አለው፤ የተገዛበትና ሥራ የጀመረበት። አንዳንዱ መተግበሪያ ከገዛችሁበት ቅጽበት መቁጠር ይጀምራል፣ ሌላው «አስጀምር» የሚለውን እስክትጫኑ ይጠብቃል። አንዳንዶቹ ካስጀመራችሁት በኋላ እስኪጸና ጥቂት ይቆያሉ። ይህ የተደረገው ተቆጣጣሪ ሲገባ አይቶ በዚያው ቅጽበት የሚገዛውን ለመከላከል ነው። ውጤቱ ግን ሁሉንም ይነካል፤ ትራሙ በር ሲከፍት የጀመራችሁት ቲኬት በሩ ሲዘጋ ገና ያልጸና ሊሆን ይችላል። ተሽከርካሪው ወደ ፌርማታው ሲቃረብ አስጀምሩት። ስክሪኑ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ማሳየት ከጀመረ በኋላ ተሳፈሩ።

«የጋራ ቲኬት» የሚለው ስም ብቻውን አያስተማምንም፤ ውስጡ የተደበቀ ገደብ ሊኖር ይችላል። ሮማ ውስጥ የ100 ደቂቃው ቲኬት አውቶቡስና ትራም ላይ በገደቡ ውስጥ የፈለጋችሁትን ያህል ያስቀይራል፣ ሜትሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከአንዱ የሜትሮ መስመር ወደ ሌላው ከመዝጊያው በር ሳትወጡ ብትቀይሩ እንደ አንድ ይቆጠራል። ወጥታችሁ ስትመለሱ ሃምሳ ደቂቃ ቢቀራችሁም በሩ አይከፈትም። ማሽኑ የተበላሸ ይመስላችኋል እንጂ ደንቡ ነው። ፓሪስ ውስጥ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉት ሁለት ነጠላ ቲኬቶች ደግሞ፣ አንዱ የሜትሮና የባቡር፣ ሌላው የአውቶቡስና የትራም፣ እርስ በርስ አይያያዙም። ከባቡር ወርዳችሁ አውቶቡስ ብትገቡ ሁለተኛ ቲኬት ይጠይቃል። እንዲህ ዓይነት ጉዞ በየቀኑ የሚያደርግ ሰው ነጠላውን ትቶ የቀን፣ የሳምንት ወይም የወር መግዛት ነው ያለበት።

አቅጣጫም አለ። በርሊን ውስጥ ነጠላው ቲኬት ለሁለት ሰዓት ይሠራል፣ መሐል ላይ መውረድና መቀየርም ይፈቅዳል፤ ወደመጡበት መመለስና ዙሪያ መሽከርከር ግን አይፈቀድም። ቶሮንቶ ከተማ ውስጥ በካርድ የተከፈለው የሁለት ሰዓት ጉዞ ደግሞ ወደ ማንኛውም አቅጣጫ፣ መመለሻን ጨምሮ ነው። ሁለቱም ሁለት ሰዓት ናቸው። አንዱ ላይ መድኃኒት ገዝቶ በዚያው ቲኬት ቤት መመለስ ይቻላል፣ ሌላው ላይ መመለሻው አዲስ ቲኬት ይፈልጋል። ተቆጣጣሪው ይህን የሚያውቀው ወረቀቱ ላይ ከታተመው የመነሻ ጣቢያ ወይም የመስመር ቁጥር ነው።

በባንክ ካርድ ወይም በስልክ ለሚከፍል ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ሥርዓቱ የሚያውቀው እናንተን ሳይሆን ያስነካችሁትን ዕቃ ነው። ስልኩ ውስጥ የገባው ካርድ ከፕላስቲኩ የተለየ ቁጥር ስላለው፣ አውቶቡሱን በስልክ፣ ትራሙን በፕላስቲኩ ካስነካችሁ ሁለት ሰው ተጓዘ ማለት ነው፤ ሁለት ሙሉ ዋጋ ይቆረጣል። የእጅ ሰዓት ላይ ያለው ካርድም ሦስተኛ ሰው ነው። ሁለት ካርድ አንድ ቦርሳ ውስጥ ሆነው ቦርሳውን ማስጠጋትም እንዲሁ ነው፤ ማሽኑ ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን ሊያነብ ይችላል። ካርዱን አውጥታችሁ ለብቻው አስነኩ። ሒሳቡ በባንክ መግለጫችሁ ላይ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ስታዩ መጀመሪያ የካርዶቹን የመጨረሻ አራት አኃዞች አመሳክሩ።

መዘግየት ሲመጣ ደግሞ ማሽኑ ምክንያት አያውቅም። ባቡሩ ሃያ ደቂቃ ቆሞ ቲኬታችሁ ቢያልቅ፣ አንዳንድ ድርጅት ይታገሳል፣ አንዳንዱ አይታገስም፤ እንደሚታገስ አድርጋችሁ ግን አትሳፈሩ። ባቡሩ ውስጥ ወይም መድረኩ ላይ የመዘግየቱን ማስታወቂያ ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ቀጣዩ ተሽከርካሪ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ለሹፌሩ ወይም ለጣቢያው ሠራተኛ ተናገሩ፣ የተናገራችሁበትን ቦታና ደቂቃም ያዙ። ከፈቀደላችሁ ጥሩ ነው። ካልፈቀደ አዲስ ቲኬት ቁረጡና ሁለቱንም ቲኬቶች ከፎቶው ጋር አስቀምጡ። የሁለተኛውን ገንዘብ ለማስመለስ የሚቀርበው ማመልከቻ ሊጠይቅ የሚችለው የመጀመሪያውን ማስመታት፣ የባቡሩን ቁጥርና የደረሰበትን ደቂቃ ነው። እነዚህ በእጃችሁ ካሉ ጉዳዩ በአንድ ደብዳቤ ሊያልቅ ይችላል።